አንቴናው በጫፉ አያወራም

የኢንተርኔት መስመር ሊያስገባ የመጣው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ የቤቱ እመቤት አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል። «ልጄ፣ እስቲ ወደ መኝታ ቤቱ አዙርልኝ፤ እዚያ ጋ ሁልጊዜ ይደክማል።» ልጁም «እሺ እማማ» ይልና የራውተሩን አንቴናዎች አንድ በአንድ አጋድሞ፣ ጫፋቸውን ወደ መኝታ ቤቱ በር አነጣጥሮላቸው ይሄዳል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። መኝታ ቤቱ ግን ከእነዚያ አንቴናዎች ትንሹን ድርሻ የሚያገኝ ክፍል የሚሆነው ልክ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው።

የሚያሳስተው የአንቴናው ቅርጽ ነው። ረጅምና ሾል ያለ ነገር ስናይ ከውስጡ የሚወጣው ነገር በጫፉ በኩል የሚወጣ ይመስለናል። የራውተር አንቴና ግን የሚያሰራጨው በጎኑ ነው። ከላይ የምናየው ፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ በጣም ያጠረ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ሲሆን፣ በጣም የተለመደው የአንቴና ዓይነት ደግሞ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ኤሌክትሪኩ በዚህች አጭር ብረት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በሰከንድ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። ሲመላለስ ሞገድ የሚወልደው ወደ ጎን ነው፤ በሚመላለስበት መስመር ላይ፣ ማለትም በጫፉና በግርጌው አቅጣጫ፣ ምንም አይወጣም።

ቅርጹን በዓይነ ሕሊና ለማየት የጀበና ማቶት ይበቃል። ማቶቱን ቀጥ ብሎ በቆመው አንቴና ወገብ ላይ ያጥልቁትና ቤቱን እስኪሞላ ሲያብጥ ያስቡት። ዙሪያውን በየአቅጣጫው ሙሉ ነው፤ መሃሉ ላይ፣ አንቴናው ባለፈበት ቀዳዳ በኩል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ባዶ ነው። አንቴናውን ሲያጋድሙት ማቶቱም አብሮ ይጋደማል፤ ባዶው ቀዳዳ ደግሞ ምንጊዜም ጫፉ ወደሚያይበት ይዞራል። አንቴና ማስተካከል ማለት እንግዲህ ሲግናሉን ወደምንፈልገው ቦታ ማነጣጠር አይደለም። ባዶውን ቀዳዳ ማንም ወደማይቀመጥበት ቦታ ማዞር ነው።

ይህን ከያዝን ባለ አንድ ደረጃ ቤት ቀላል ነው። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ሁለት ሦስት መኝታ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ ያለው የተለመደ ቪላ እንውሰድ። ሰዉም ስልኩም ቴሌቪዥኑም ሁሉም ከወለሉ አንድ ሜትር ግድም ከፍ ብለው በአንድ ደረጃ ላይ ናቸው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ከወለሉ በታች ያለው አፈር ነው። ሁለቱም ጋ ኢንተርኔት የሚፈልግ የለም። ስለዚህ አንቴናዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ባዶው ቀዳዳ ወደ ቆርቆሮውና ወደ አፈሩ ይሂድ፤ ሙሉው ጎን ወደ ክፍሎቹ ይሁን።

እዚህ ላይ በዲግሪ መጨነቅ አያስፈልግም። አንቴናው ከቀጥታው 15 ዲግሪ ቢያዘነብል በጎን በኩል የሚጠፋው ኃይል በስሌት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ስልክዎ ልዩነቱን አያውቀውም። 30 ዲግሪ ሲደርስ ባዘነበለበት አቅጣጫ ሲሦው ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ሲጋደምና ጫፉ ክፍሉን ሲያይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አንዳንድ ሰው አንቴናዎቹን እንደ ማራገቢያ በየአቅጣጫው ይዘረጋቸዋል፤ ትንሽ ከሆነ አይጎዳም፤ አምሮ ከመታየት በላይ ግን ጥቅም የለውም።

ይልቅ በቪላ ቤት የሚጎዳው ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። መስመሩ የሚገባው በአጥሩ በኩል ስለሆነ ራውተሩ ብዙ ጊዜ የሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ይቀራል። የቴሌቪዥን ጀርባ ውስጡ ሰፊ ብረት ነው፤ ከማቶቱ አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ማስቀመጥ ያን ያህል አይከፋም፤ ጀርባው መስታወት ከሆነ ግን የመስታወቱ ብር ቅብ ሞገዱን መልሶ ያነጥረዋል። ራውተሩ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ማየት ያለብን አንቴናው ከመሬት አንጻር መቆሙን ነው። ጠረጴዛ ላይ ሳለ ቀጥ ያሉት አንቴናዎች፣ ራውተሩ ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፣ ወደ ክፍሉ መሃል የሚያመለክቱ ይሆናሉ። እንደገና መታጠፍ አለባቸው።

ወደ ጂ ፕላስ ዋን እንውጣ። እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባበት አንድ ነገር አለ። ራውተሩ ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው መኝታ ቤት በልኬት ቢሄዱ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የሚቀርበው ነው፤ ሦስት ሜትር ከፍታ ብቻ። ሆኖም ቪዲዮው የሚቆራረጠው እዚያ ነው። ኮሪደሩን አልፎ ያለው ክፍል ግን ደህና ይሠራል። «ከአልጋዬ ሥር እኮ ነው ያለው!» ይላል ባለቤቱ። እንዲህ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ያ «ሥር» ራሱ ነው፤ አልጋው ያለው በማቶቱ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

በቁጥር እንየው። ራውተሩ ሁለት አንቴና አለው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል። አልጋው ከራውተሩ ሦስት ሜትር ከፍ ያለና አንድ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ያለ ነው። ይህ አቅጣጫ ከአንቴናው ጫፍ 18 ዲግሪ ብቻ ነው የሚርቀው። በስሌት፣ በዚያ አቅጣጫ የሚወጣው ኃይል በጎን በኩል ከሚወጣው አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። አሁን ደግሞ አራት ሜትር ወደ ጎን ያለውን ክፍል እንይ። ሦስት ሜትር ከፍታ፣ አራት ሜትር ጎን፣ በሰያፍ አምስት ሜትር ነው። ርቀቱ ጨምሯል፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚሄደው ኃይል ከሙሉው ግማሽ ይሆናል። በርቀት ያጣውን በአንቴናው አስመልሶ ይተርፈዋል።

አሁን ከሁለቱ አንቴናዎች አንዱን እናጋድመው። አንዱ እንደቆመ ይቀራል። የተጋደመው አንቴና ሙሉ ጎኑ ወደ ላይ ይሆናል፤ ማቶቱ በጠርዙ ቆመ ማለት ነው። ራውተሩ ኃይሉን ለሁለቱ እኩል ስለሚያካፍል፣ አልጋው ጋ የሚደርሰው ከአንድ አሥራ አምስተኛ ተነስቶ ከግማሽ ትንሽ ያልፋል። ስምንት እጥፍ ማለት ነው፤ ሲግናል በሚለካበት በዲሲቤል ወደ 9 ይጠጋል። ምድር ቤቱስ ምን ይከፍላል? የተጋደመው ጫፉን ባዞረበት በኩል አንዱን አንቴና ያጣል፤ ሌላው ግን ሙሉውን ይሰጣል። ስለዚህ በጣም ቢከፋ ግማሽ ኃይል፣ ማለትም 3 ዲሲቤል ነው የሚጎድለው። ሳሎን ውስጥ ራውተሩ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የተትረፈረፈ ነበረውና። ላይ ለተኛው ግን 9 ዲሲቤል ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ሂሳብ መሆኑን ልብ ይሏል። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ፣ ከወለል፣ ከማቀዝቀዣው በር እየተነጠረ ወደ ባዶው ቀዳዳም በጎን ይገባል። ስለዚህ አልጋው ላይ የነበረው ሲግናል ስሌቱ ካለው የተሻለ ነበር ማለት ነው፤ ከማጋደም የሚገኘው ጥቅምም ከ9 ያነሰ ይሆናል። 4 ወይም 5 ዲሲቤል ካተረፉ ጥሩ ነው። ምንም ካላተረፉ ደግሞ ችግሩ አንቴናው አይደለም፤ ወደዚያ እንመጣለን።

የሚረሳው ነገር የተጋደመው አንቴና ጫፍ ወዴት ይይ የሚለው ነው። ሲጋደም ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ሁለቱ ጎኖቹም ያሰራጫል፤ የማይሰጠው ጫፉና ግርጌው በሚያዩበት መስመር ነው። ቤትዎ ከመንገዱ ወደ ጓሮ ረዝሞ የተሠራ ነው እንበል፤ ክፍሎቹ በዚያ ርዝመት ተደርድረዋል። አንቴናው በዚያው ርዝመት ከተጋደመ ባዶውን ወደ ክፍሎቹ አዞሩት ማለት ነው። በአግድሙ፣ ጫፉ ወደ ጎረቤት አጥር እንዲያይ ያስተኙት። ጎረቤት አይቀየምም፤ እንዲያውም የእርስዎ ሲግናል ከእሱ ጋር መጋፋቱ በመጠኑ ይቀንሳል።

አንዳንዱ ደግሞ መካከለኛ መንገድ ብሎ አንቴናዎቹን ሁሉ በ45 ዲግሪ ያዘነብላቸዋል። ይህን እኔ አልወደውም። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ባዶው ቀዳዳ ወደ አንዱ የፎቅ ጥግ በሰያፍ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ መኝታ ቤት አለ። አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ቢያዘነብሉ ይሻላል፤ አንዱ የተወውን ሌላው ይሸፍናል። አንዱ ቆሞ አንዱ የተጋደመበት አቀማመጥ ግን ሌላም ትርፍ አለው። ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አንቴናዎች እንደ አያያዛችን አንዴ ይቆማሉ፣ አንዴ ይጋደማሉ፤ ከቆመ አንቴና የወጣ ሞገድን በደንብ የሚቀበለው የቆመ አንቴና ነው፤ የተጋደመውን ደግሞ የተጋደመው። በራውተሩ ላይ ሁለቱም ካሉ ስልክዎን እንዴትም ቢይዙት አንዱ ይገጥምለታል። ግድግዳ ላይ የሚነጠረው ሞገድ አቋሙን ስለሚያዘባርቀው ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ሜዳ ላይ እንዳለው አይገዝፍም፤ ቢሆንም አለ።

ባለ አራት አንቴና ራውተር ያለው ሰው አንድ ነገር ማጣራት ይኖርበታል። በአንዳንዱ ራውተር አራቱም ለሁለቱም ሞገድ፣ ለ2.4ቱም ለ5 ጊጋኸርዙም፣ ይሠራሉ። በሌላው ግን ሁለቱ ለ2.4 ብቻ፣ ሁለቱ ለ5 ብቻ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ሁለቱን የ5 ጊጋኸርዝ አንቴናዎች አብረው ካጋደሙ ምድር ቤት ያለው ፈጣኑ መስመር ይጎዳል፤ ፎቅ ላይ ያለው 2.4 ደግሞ ምንም አያተርፍም። ከየጥንዱ አንድ አንድ ነው ማጋደም። የትኛው የየትኛው እንደሆነ መመሪያው ካልተናገረ፣ ስልኩን በ5 ጊጋኸርዙ ስም አገናኝተው አንድ ቦታ አስቀምጡና አንቴናዎቹን በየተራ ያጋድሙ። ቁጥሩ የሚነቃነቀው የእሱ ሲነካ ነው።

«ቁጥሩ» ስል በስልኩ ራስ ላይ ያሉትን የዋይፋይ ቅስቶች ማለቴ አይደለም፤ እነሱ ለዚህ ሥራ በጣም ሻካራ ናቸው። በአንድሮይድ ስልክ የዋይፋይ መለኪያ አፖች dBm የሚል ቁጥር ያሳያሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይበረታል። −50 ድረስ በጣም ጥሩ ነው፤ −67 አካባቢ ቪዲዮ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ከ−75 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ አፕ አያስፈልግም፤ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

Signal በሚለው መስመር ላይ በመቶኛ ይነግርዎታል። 100% ማለት −50 ወይም ከዚያ የበለጠ፣ 0% ማለት −100 ነው፤ በመሃሉ እያንዳንዱ 2% አንድ ዲሲቤል ነው። 60% ካለዎት −70 ላይ ነዎት።

ሲለኩ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ምንም ሳይነካ ሁለት ሦስት ዲሲቤል ይወዛወዛል፤ ሰው በመሃል ሲያልፍም ይወርዳል፤ የሰው አካል ውኃ ነውና። ስልኩን በእጅ አይያዙ፤ አልጋው አጠገብ ባለው ኮሞዲኖ ላይ አስቀምጠው ትንሽ ይጠብቁና አማካዩን ይያዙ። ከዚያ ሌላ ሰው ታች አንድ አንቴና ያጋድም፣ ከራውተሩም ፈቀቅ ይበል፣ እንደገና ይመልከቱ። ሰውን በጣም የሚያታልለው ስልኩ በራሱ ፈቃድ ከ5 ወደ 2.4 ሲዘል ነው። ቁጥሩ በአንዴ አሥር ምናምን ይሻላል፤ ባለቤቱም አንቴናው ሠራ ብሎ ይደሰታል። ስለዚህ ሁለቱን ሞገዶች በራውተሩ ገጽ ላይ ለየስም ሰጥቶ መለካት ይሻላል።

አንድ ምልክት ደግሞ በቁጥር አይታይም። ስልኩ ሲግናል አለ ይላል፣ ቁጥሩም መጥፎ አይደለም፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ስልኩ ራውተሩን እየሰማ ራውተሩ ግን ስልኩን ሳይሰማው ሲቀር ነው። ስልክ ባትሪውን ለመቆጠብ ሲል ድምፁ ከራውተሩ ያነሰ ነው። አንቴና በሚያሰራጭበት አቅጣጫ ሁሉ በዚያው ልክ ስለሚሰማ፣ ትክክል የተጋደመ አንቴና የሚጠቅመው መልሱን ጭምር ነው። አልጋው ላይ ፎቶ መላክ ካስቸገረዎትና ማየት ካላስቸገረዎት መጠርጠር ያለብዎት ይህን ነው።

አንቴና ሲያጣምሙ በልኩ ይሁን። ማጠፊያው የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ከዚያ አልፎ በኃይል ሲጠመዘዝ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ትበጠሳለች። ከውጭ ምንም አይታይም። ወዴትም ቢያዞሩት ቁጥሩ የማይነቃነቅ አንቴና ካለ አንዱ ጥርጣሬ ይህ ነው። የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠበቅ መደረጉን በእጅ ይፈትሹ።

ገበያ ላይ ረዘም ያለ፣ 5dBi ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ የተጻፈበትን አንቴና እንደ መፍትሔ የሚሸጡ አሉ። እንዲህ ያለው አንቴና ኃይል አይፈጥርም፤ ማቶቱን ይደፈጥጠዋል። በጎን በኩል የተወሰደው ከላይና ከታች የተቀነሰ ነው። ለረጅም ቪላ ጥሩ ግዢ ነው፤ ሰርቪሱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ለጂ ፕላስ ዋን ግን ቆሞ ከተተወ ከአጭሩ አንቴና ይብሳል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሶሌታው ነው። ሲሚንቶና ፌሮ የተሞላበት የፎቅ ወለል፣ በተለይ 5 ጊጋኸርዙን፣ ክፉኛ ይበላዋል። የሚወስደው ድርሻ አንቴናን በማጋደም ከሚገኘው የሚበልጥበት ቤት ብዙ ነው። ላይ ያለው ቁጥር በ5 ጊጋኸርዝ −85 ከሆነ አራት ዲሲቤል ማትረፍ የትም አያደርስም። ያን ጊዜ ራውተሩን ወደ ደረጃው መጠጋት ከማንኛውም አንቴና ማዞር በላይ ይጠቅማል፤ የደረጃው ክፍተት ሶሌታ የሌለበት ብቸኛው መንገድ ነውና። ፎቅ ላይ በ2.4 መጠቀምም ያስኬዳል፤ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል።

ይህም ካልበቃ በደረጃው ጥግ የኔትወርክ ገመድ ወደ ላይ ስቦ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ኮሪደሩ ላይ መስቀል ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ደረጃ ላይ ብቻ ስለሚያሰራጩ ጂ ፕላስ ዋኑ ሁለት ቪላ ሆነ ማለት ነው፤ የተጋደሙትን አንቴናዎች መልሶ ቀጥ ማድረግ ይቻላል።